«ውሳኔ» ከሚለው ርዕስ ሥር ሆልዲንግ አትፈልጊ

«ሐዋሳ ነው የምማረው፣ ሕግ ሦስተኛ ዓመት። ሃያ ሁለት ገጽ የሰበር ፍርድ ተሰጥቶን በሁለት ገጽ ኬዝ ብሪፍ አዘጋጁ ተባልን። እኔ ፋክቱ ብቻ አራት ገጽ ሆነብኝ። ሆልዲንግ ላይ ደግሞ ፍርዱ መጨረሻ ላይ ‹ውሳኔ› የሚለውን እንዳለ ገለበጥኩት። መምህራችን ‹ይሄ ሆልዲንግ አይደለም፣ እንደገና ሥሪው› ብሎ መለሰልኝ። ፍርዱ ራሱ ውሳኔ ብሎ ጽፎት የለ እንዴ? ፍሬ ነገሩ፣ ጭብጡ፣ ሆልዲንጉ፣ ምክንያቱና የመጨረሻው ውጤት ከእንዲህ ዓይነት ረጅም ፍርድ እንዴት ነው የሚለዩት?»

መምህርሽ ትክክል ነው። «ውሳኔ» በሚል ርዕስ በተራ ቁጥር የሚዘረዘረው ትእዛዝ ነው። የየትኛው ፍርድ ቤት ፍርድ ተሻረ፣ የየትኛው ጸና፣ እግድ ካለ ተነሳ ወይ፣ ወጪና ኪሳራውን ማን ይቻል፣ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። እዚያ ያለው ይሄ ነው። ይሄ ሁሉ የሚገባው ብሪፍሽ መጨረሻ ላይ፣ ዲስፖዚሽን በሚባለው ክፍል ነው። ሆልዲንግ ግን ችሎቱ ለቀረበለት የሕግ ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። የራሱ ርዕስ የለውም። ብዙ ጊዜ ሐተታው ሊያልቅ ሲል፣ «በመሆኑም» ወይም «ሲጠቃለል» ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ ግማሽ ገጽ በሚይዝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሸጉጦ ታገኚዋለሽ።

አራት ገጽ ፋክት የጻፍሽው ሰነፍ ስለሆንሽ ወይም ማሳጠር ስለማትችይ አይደለም። ፍርዱን ከፊት ወደ ኋላ እያነበብሽ እዚያው ስለጻፍሽ ነው። የሰበር ፍርድ «ጉዳዩ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ነው» ብሎ ይነሳል። ከዚያ የክሱ ይዘት፣ የመከላከያ መልሱ፣ የምስክሮች ቃል፣ የሥር ፍርድ ቤቶች በየደረጃው የወሰኑት፣ የሰበር አቤቱታው፣ መልሱ፣ የመልስ መልሱ እየተከታተለ ይመጣል። ሃያ ሁለት ገጽ ፍርድ ላይ ይሄ ብቻ ግማሹን ቢወስድ አይግረምሽ። ይሄን እግር በእግር እየተከተልሽ ከጻፍሽ ችሎቱ ገና አንድ ቃል ሳይናገር ወረቀትሽ ያልቃል።

ስለዚህ ከኋላ ጀምሪ። መጀመሪያ «ውሳኔ» የሚለውን አንብቢና ማን ምን እንዳገኘ እወቂ። ቀጥለሽ ወደ መሐል ተመለሺና «ለሰበር ችሎት ያስቀርባል የተባለው» የሚለውን ነጥብ ፈልጊ፤ እሱ የጭብጡ ጥሬ ዕቃ ነው። ከዚያ ችሎቱ በራሱ አንደበት መናገር የሚጀምርበትን ቦታ ያዢ፤ «እኛም መዝገቡን እንደሚከተለው መርምረናል» የሚል ዓይነት ነገር አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደጋግመሽ አንብቢ። ፍሬ ነገሩን ከሁሉም መጨረሻ ጻፊው። ብሪፉ ላይ አንደኛ ይቀመጣል እንጂ አንደኛ አይጻፍም። የትኛው ፍሬ ነገር እንደሚያስፈልግ የሚነግርሽ ምክንያቱ ነው፣ ምክንያቱን ሳታውቂ ደግሞ መምረጥ አትችይም።

ስታነቢ እርሳስ ያዢ። ተከራካሪ ወገን የሚናገርበት አንቀጽ ዳር «ተ» ጻፊ፣ የሥር ፍርድ ቤት ያለውን «ሥ»፣ ሰበር ችሎቱ ራሱ የሚለውን «ሰ»። ቀላል ይመስላል፣ ግን የተማሪ ብሪፍ ላይ ከማያቸው ስህተቶች ትልቁን የሚያስቀረው ይሄ ነው፦ የሥር ፍርድ ቤትን ሐተታ ገልብጦ የሰበር ምክንያት ማለት። የእኛ ዳኞች የሥር ፍርድ ቤትን ሐሳብ ሲተርኩ ረጅም ያደርጉታል፣ አንቀጽ ይጠቅሳሉ፣ አሳማኝ አድርገው ያቀርቡታል፣ መጨረሻ ላይ «በማለት ወስኗል» የምትል ቃል ጣል አድርገው ያልፋሉ። እሷን ካላየሽ የተሻረውን ሐሳብ የጸና አድርገሽ ትጽፊያለሽ።

አሁን በምሳሌ እንሂድ። ይሄ ለማስተማሪያ ብዬ የፈጠርኩት ጉዳይ ነው፣ መዝገብ ቁጥር አትፈልጊለት። አንቀጾቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰው ባጃጅ አለው። በቀን ገቢ ለነጂ ሰጥቶ ያሠራል። ነጂው አቶቴ አካባቢ ተከራይቶ ይኖራል፣ ማታ ባጃጇን ግቢው ያቆማል። አንድ ምሽት የነጂው ጓደኛ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ቁልፍ አንስቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ተጠቅሞ ሊመልሳት አስቦ ባጃጇን ይዞ ወጣ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት እግረኛ ገጭቶ እግሯን ሰበረ። ተጎጂዋ ባለቤቱንና ጓደኛውን ከሰሰች። ጓደኛው ተጠርቶ አልቀረበም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ 180,000 ብር ይክፈሉ አለ። ባለቤቱ በሁለት ነጥብ ይግባኝ አለ፦ አንደኛ ባጃጄ ተሰርቆብኝ ነው፣ ሁለተኛ ካሳው በዝቷል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት አንደኛውን ተቀበለ፤ ያለፈቃድ መውሰድ ስርቆት ነው ብሎ ባለቤቱን ነጻ አወጣው። ነጻ ካወጣው በኋላ ስለ ካሳው መጠን ማየት አላስፈለገውምና አላየውም። የክልሉ ሰበር መሠረታዊ የሕግ ስህተት የለም ብሎ አቤቱታዋን ዘጋው። ተጎጂዋ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሄደች፣ እዚያም አምስት ዳኞች ተሰየሙ፣ አራቱ ለእሷ ወሰኑ፣ አንዱ በሐሳብ ተለዩ።

መጀመሪያ የሰዎቹን ስያሜ አስተካክይ። በዚህ መዝገብ ተጎጂዋ መጀመሪያ ከሳሽ ነበረች፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መልስ ሰጪ ሆነች፣ ሰበር ላይ አመልካች ናት። ባለቤቱ ተከሳሽ ነበር፣ ከዚያ ይግባኝ ባይ፣ አሁን ተጠሪ። ፍርዱ ስያሜውን በየደረጃው ይቀያይራል፣ አንዳንዴ እዚያው አንቀጽ ውስጥ «የአሁን ተጠሪ የሥር ተከሳሽ» እያለ ይሄዳል። አንቺ ግን እንደዚያ አትጻፊ። «ተጎጂዋ»፣ «ባለቤቱ»፣ «ነጂው»፣ «ጓደኛው» ብለሽ እስከ መጨረሻው ጠብቂው። ይሄ ብቻውን ወረቀትሽን ያሳጥረዋል፣ አንባቢሽም ወደ ኋላ እየተመለሰ አይቸገርም።

ወደ ጭብጡ። ችሎቱ ሲያስቀርብ የያዘው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነው፦ «የሥር ፍርድ ቤት ተጠሪን ከኃላፊነት ነጻ ያደረገበትን አግባብነት ለማጣራት»። ይሄን ገልብጠሽ ጭብጥ ካልሽው ምንም አልተናገርሽም። ባለቤቱ ለምን ነጻ ሆነ፣ በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው ሁኔታ የሚለው የለበትም። ማንኛውም የካሳ ክርክር ላይ ብትለጥፊው ይሄዳል። ጭብጥ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚከራከሩበትን የሕግ ነጥብና ክርክሩን የፈጠረውን ፍሬ ነገር። እዚህ ሕጉ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ነው። ንዑስ አንቀጽ አንድ የተሽከርካሪ ባለቤት፣ እንዲነዳ ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ለደረሰው ጉዳት እንኳን ኃላፊ ነው ይላል። ንዑስ አንቀጽ ሁለት ደግሞ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ኃላፊ አይሆንም ይላል። ሁለቱ የሚጋጩበት ቦታ ላይ ነው ጉዳያችን ያለው። ስለዚህ ጭብጡ እንዲህ ይጻፋል፦

«ባለቤቱ ያልፈቀደለት ሰው ተሽከርካሪውን ተጠቅሞ ሊመልስ ወስዶ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ፣ ተሽከርካሪው በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2081(2) መሠረት እንደተሰረቀ ተቆጥሮ ባለቤቱ ከኃላፊነት ነጻ ይሆናል?»

በአዎ ወይም በአይደለም ሊመለስ መቻሉን ልብ በይ። ካልተመለሰ ጭብጥሽ ገና አልበሰለም። አንድ ፍርድ ላይ ሦስት አራት ጭብጥ ብታገኚ ደግሞ አትደንግጪ፣ ግን ችሎቱ የመለሰውን ብቻ ጻፊ። አመልካች በአቤቱታዋ ሰባት የስህተት ነጥብ ዘርዝራ ይሆናል፤ ችሎቱ አንዱን ይዞ ስድስቱን ትቶ ሊሆን ይችላል። የተተዉት ብሪፍሽ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ሆልዲንጉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፦

«አይሆንም። ያልተፈቀደለት ሰው ተሽከርካሪውን ተጠቅሞ ሊመልስ መውሰዱ ብቻ በቁጥር 2081(2) መሠረት ስርቆት አይባልም፤ ባለቤቱ ስርቆት መኖሩን እስካላስረዳ ድረስ በቁጥር 2081(1) ኃላፊ ነው።»

የብር መጠን የለበትም፣ የመዝገብ ቁጥር የለበትም፣ «ተሽሯል» የሚል ቃል የለበትም። ነገ አዳማ ላይ የሚኒባስ ባለቤት በሌላ ሰው ጥፋት ሲከሰስ ጠበቃው ይህንን ዓረፍተ ነገር አንስቶ ሊከራከርበት ይችላል። ያንቺን ሆልዲንግ በዚህ ፈትኚው፦ ሰዎቹንና ቦታውን ቀይረሽ ሌላ ጉዳይ ላይ ስታስቀምጪው ይሠራል ወይ? «የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሽሯል» የሚለው አይሠራም፣ ምክንያቱም እሱ ስለዚያ አንድ መዝገብ ብቻ ነው የሚናገረው። መምህርሽ የመለሰልሽ ለዚህ ነው።

ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ደግሞ የሆልዲንጉ ስፋት ነው። «የተሽከርካሪ ባለቤት ሁልጊዜ ኃላፊ ነው» ብትይ ችሎቱ ያላለውን አልሽ፤ እውነተኛ ስርቆት ቢሆን ምን እንደሚሆን ሕጉ ራሱ በግልጽ አስቀምጦታል። «የባጃጅ ነጂ ጓደኛ ማታ ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ከሄደ» ብትይ ደግሞ እንደገና የማይደገም ነገር ጻፍሽ። ባጃጅ ወደ ተሽከርካሪ፣ ጓደኛ ወደ ያልተፈቀደለት ሰው ከፍ ይላል። «ተጠቅሞ ሊመልስ» የሚለው ግን ከፍ ማለት የለበትም፣ እንዳለ ይቆያል፣ ምክንያቱም ችሎቱ መልሱን ያቆመው በእሱ ላይ ነው። ከምክንያቱ ጋር የተሳሰረውን ፍሬ ነገር ሆልዲንግሽ ውስጥ አስቀሪ፣ ያልተሳሰረውን ልቀቂ።

ምክንያቱ ሐተታውን ማሳጠር አይደለም። ችሎቱ ከሕጉ ተነስቶ መልሱ ላይ የደረሰበትን ደረጃ በደረጃ ማሳየት ነው። በእኛ ምሳሌ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ 2081(1) ያልተፈቀደለት ነጂን በግልጽ ስለሚጠቅስ ፈቃድ አለመኖሩ ብቻውን ባለቤቱን ነጻ ሊያወጣ አይችልም፤ ያለፈቃድ መውሰድ ሁሉ ስርቆት ነው ከተባለ ንዑስ አንቀጽ አንድ ትርጉም አልባ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ስርቆት የሌላን ሰው ንብረት ያለአግባብ ለመበልጸግ አስቦ መውሰድን ይጠይቃል፣ ለዚህም ችሎቱ የወንጀል ሕጉን ቁጥር 665 ተመልክቷል፤ ጓደኛው ግን ሊመልስ እንደወሰደ በሥር ፍርድ ቤት ተረጋግጧል። ሦስተኛ፣ ስርቆትን የማስረዳት ሸክሙ የባለቤቱ ነው፤ ለፖሊስ እንኳን አላመለከተም፣ ሌላ ማስረጃም አላቀረበም። በቃ። የመጀመሪያው ደረጃ ዋናው ነው፣ ሁለቱ ይደግፉታል። ብሪፍሽ ላይም ለአንደኛው ሰፋ ያለ ቦታ ስጪው፣ እኩል አታከፋፍይ። ሐተታው አምስት ገጽ ቢሆንም ክርክሩ የተፈታው ምናልባት በአንድ አንቀጽ ነው።

እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው በማለፍ የተነገረ ነገር ነው፣ ኦቢተር የምትሉት። እንበልና ችሎቱ ሐተታው ውስጥ «ተሽከርካሪው በእርግጥ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮም ባለቤቱ ቁልፍ ሞተሩ ላይ ትቶ በመሄድ ጥፋት ሠርቶ ከተገኘ በቁጥር 2028 መሠረት ሊጠየቅ የሚችልበት ሁኔታ ይኖራል» ብሎ ጻፈ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ መምህሩም ፈተና ላይ ሊያነሳው ይችላል። ግን በዚህ ጉዳይ ስርቆት አልነበረም ተብሏል። ስለዚህ ይህ ዓረፍተ ነገር ቢወጣ ውጤቱ አይለወጥም። የማይለወጥ ከሆነ ሆልዲንግ ውስጥ አይገባም። ምክንያቱ ግርጌ ላይ «በማለፍ የተነገረ» ብለሽ በአንድ መስመር ያዢው። ሁለተኛው ወጥመድ የሐሳብ ልዩነት ነው። ከዳኞቹ አንዱ «ማታ ያለባለቤቱ ዕውቀት መውሰድ ለ2081(2) ይበቃል» ብለው ቢጽፉ፣ ጽሑፋቸው ብዙ ጊዜ ከአብላጫው ይልቅ ጥርት ያለ ነው፣ ለመጥቀስም ይመቻል። ግን ተሸናፊው ሐሳብ ነው። ከምክንያቱ ክፍል ውጪ፣ ለብቻው፣ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

አሁን ፍሬ ነገሩን መምረጥ ትችያለሽ። መለኪያው አንድ ነው፦ ይህን ፍሬ ነገር ባወጣው ከሦስቱ የምክንያት ደረጃዎች አንዱ ይወድቃል? የተሰበረው ግራ እግር ይሁን ቀኝ፣ የትኛው ሆስፒታል ታከመች፣ ምስክሮቹ ስንት ነበሩ፣ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ነበር ወይስ ግድግዳ ላይ፤ አንዱም አይነካውም። ጓደኛው ሊመልስ አስቦ ነበር የሚለው ሲወጣ ግን ሁለተኛው ደረጃ ይፈርሳል። ባለቤቱ ለፖሊስ አላመለከተም የሚለው ሲወጣ ሦስተኛው ይላላል። እነዚህ ይቆያሉ። 180,000 ብሩ ለሆልዲንጉ አያስፈልግም፣ ግን ዲስፖዚሽኑ ያለ እሱ ስለማይገባ በአንድ ሐረግ ይቆያል።

ሌላ መጠንቀቅ ያለብሽ፣ ሰው የተከራከረበትንና የተረጋገጠውን እንዳትቀላቅይ። ባለቤቱ በመልሱ «ጓደኛ ተብዬው ሌባ ነው፣ ባጃጄን ሊሸጥ ነበር» ብሎ ይሆናል። ይሄ የእሱ ክርክር ነው። ሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፣ ማስረጃ መመዘንና ፍሬ ነገር ማጣራት የሥር ፍርድ ቤቶች ሥራ ነው። ስለዚህ ፍሬ ነገርሽን ከክሱና ከመልሱ ሳይሆን የሥር ፍርድ ቤቶች «ተረጋግጧል» ካሉት ውሰጂ። እንዲህ ይሆናል፦

«ባለቤቱ ባጃጁን በቀን ገቢ ለነጂ ሰጥቶ ያሠራ ነበር። የነጂው ጓደኛ አንድ ምሽት ማንንም ሳያስፈቅድ ባጃጁን ወስዶ ተጎጂዋን ገጭቶ እግሯን ሰበረ። ጓደኛው ባጃጁን የወሰደው ተጠቅሞ ሊመልስ መሆኑ፣ ባለቤቱም ተሰረቀብኝ ብሎ ለፖሊስ አለማመልከቱ በሥር ፍርድ ቤት ተረጋግጧል። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ባለቤቱና ጓደኛው በአንድነትና በነጠላ 180,000 ብር እንዲከፍሉ ወሰነ። ባለቤቱ በኃላፊነቱም በካሳው መጠንም ይግባኝ አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ባጃጁ እንደተሰረቀ ቆጥሮ ነጻ አወጣው፤ ስለ ካሳው መጠን አልወሰነም። የክልሉ ሰበር አቤቱታዋን ዘጋው። የፌዴራል ሰበር አቤቱታው የቀረበው በዚህ ላይ ነው።»

ይሄው ነው። ጉዳዩ በየደረጃው ያለፈበት ታሪክም እዚያው ገብቷል፣ ለብቻው ርዕስ አያስፈልገውም። አንዳንድ መምህር ለይታችሁ ጻፉ ይላል፤ ካለ ከ«የመጀመሪያ ደረጃ» ጀምሮ ያለውን ቆርጠሽ ወደ ታች አውርጂው።

ዲስፖዚሽኑ ቀላል ይመስላል፣ ሰው ግን እዚህም ይወድቃል። የእኛ ችሎት ውሳኔ እንዲህ ነው ብለን እንያዝ፦ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርድና የክልሉ ሰበር ትእዛዝ በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 348(1) መሠረት ተሽረዋል፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ባለቤቱ በካሳው መጠን ላይ ያቀረበውን የይግባኝ ነጥብ መርምሮ እንዲወስን በቁጥር 343(1) መሠረት ተመልሷል፤ ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ። ይሄን አንብቦ «ተጎጂዋ 180,000 ብር ተፈረደላት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። አልተፈረደላትም፣ ቢያንስ ገና አላለቀም። ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑ ብቻ ነው የተዘጋው። ስንት ይከፍላል የሚለው ሐዋሳ ተመልሶ ይታያል፣ ሊቀንስም ይችላል። ስለዚህ ዲስፖዚሽን ላይ «ተሽሯል» ብለሽ አታቁሚ። ምን ተሻረ፣ ምን ቀረ፣ የቀረውን ማን ይወስናል የሚለውን ጻፊ። ሦስት መስመር ይበቃል። የሥነ ሥርዓት ቁጥሮቹን አትዝለያቸው፣ ምክንያቱም 348 ያለበትና 343 ያለበት ትእዛዝ ለባለጉዳዩ የሚያመጡት ነገር አንድ አይደለም፤ አንዱ ክርክሩን ሲዘጋ ሌላው ወደ ሥር ይመልሰዋል።

አምስቱ ነገሮች ፍርዱ ውስጥ በትክክል በርዕስ ተለይተው ባይቀመጡም መኖራቸውን አትጠራጠሪ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ በጭብጡ ላይ የተሰጠውን ውሳኔና ምክንያቱን መያዝ እንዳለበት ያዛል። አንዳንዴ ግን ሐተታው በጣም አጭር ይሆንና፣ አንቀጹ ተጠቅሶ ወዲያው «በመሆኑም» ይባላል፣ መካከሉ ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ምክንያት ፈጥረሽ አትሙይ። «ችሎቱ አንቀጹን ከመጥቀስ ያለፈ ምክንያት አልሰጠም» ብለሽ ጻፊ። ይሄ ድፍረት አይደለም፣ ትክክለኛ ብሪፍ ነው። ያንቺ ትችት ካለሽ ከአምስቱ ክፍሎች ውጪ፣ መጨረሻ ላይ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከችሎቱ ድምፅ ጋር ከተቀላቀለ ፈተና ሲደርስ አንቺ ራስሽ አትለይውም።

ለሁለት ገጽ ቦታውን እንዲህ አከፋፍይ ብዬ ነው የምመክርሽ፦ ፍሬ ነገሩ ከግማሽ ገጽ አይለፍ፣ ጭብጥና ሆልዲንግ ለየአንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት፣ ዲስፖዚሽኑ ሦስት መስመር፣ የተረፈው ሁሉ ለምክንያቱ። ፋክቱ ከምክንያቱ ከረዘመ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል። የተመለሰልሽን ወረቀት ለማስተካከል አትሞክሪ፣ አራቱን ገጽ ማሳጠር ከአዲስ ከመጻፍ ይብሳል። ፍርዱን ይዘሽ ከ«ውሳኔ» ጀምሪ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ብዙ ሰው ስለማይጽፈው። የፌዴራል ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድደው ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ሲሰጥ ነው፤ መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 454/1997፣ አሁን ደግሞ በ1234/2013 እንደተደነገገው። አዲሱ አዋጅ ቀድሞ የተሰጠን አስገዳጅ ትርጉም ከሰባት ባላነሱ ዳኞች መለወጥ እንደሚቻልም አስቀምጧል። ስለዚህ የፍርዱ ራስጌ ላይ «ዳኞች» የሚለውን ቁጠሪ። እዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ችሎት የሰጠው ፍርድ ከሆነ ሌላ መዝገብ ላይ አስገዳጅነት የለውም፣ ብሪፉ ግን ያው ነው የሚሠራው። ፍርዱ የቆየ ከሆነ ደግሞ በኋለኞቹ የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች ላይ ያንኑ አንቀጽ ፈልጊና የተለወጠ ነገር እንዳለ እዪ። ያገኘሽውን ከብሪፉ ራስጌ፣ ከመዝገብ ቁጥሩና ከቀኑ አጠገብ፣ በአንድ መስመር አስቀምጪው፦ ስንት ዳኛ፣ ስንት ለስንት፣ በኋላ የተለወጠ ካለ በየትኛው መዝገብ።